«ቀልብ»፣ «ሸጋ» ወይስ «ወዝ»? ለሰሊጥ ቅቤ የሚሆን ስም ስለመምረጥ

ጥያቄ፦ «እኔና እህቴ አዘዞ ላይ ሰሊጥ ቆልተን እየፈጨን የሰሊጥ ቅቤ በጠርሙስ እንሸጣለን። እስካሁን ስም አልነበረውም፤ አሁን ስቲከር ልናሳትም ነው። ቀልብ፣ ሸጋ እና ወዝ የሚሉ ሦስት ስሞች ይዘናል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ቀልብን ወዶታል። ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ሌላ በመተማ በኩል ለሱዳን፣ እስራኤል ላሉት ዘመዶቻችንም መላክ እናስባለን። ስሙ እዚያ ችግር እንደማያመጣብን በምን እናውቃለን?»

ምላሽ፦

ቤተሰቡ የወደደውን ስም ተዉት ማለት ይከብደኛል፤ ነገር ግን ምርቱ ከአገር የሚወጣ ከሆነ «ቀልብ» መቅረት አለበት። «ሸጋ» አገር ውስጥ ቢያስኬድም ሌላ ድክመት አለበት። «ወዝ» ከሦስቱ የተሻለ መነሻ ነው፤ እንዳለ ቢወሰድ ግን ያጥራል። ምክንያቱን በዝርዝር የማስረዳዎት ሌላ ስም ቢያስቡም እዚያው ጎንደር ሆነው ራስዎ ሊፈትሹት እንዲችሉ ነው።

አብዛኛው ሰው ስም ሲፈትሽ የሚመረምረው እሱ በሚጠራበት ድምፅና በሚጽፍበት ፊደል ነው። ገዢው ዘንድ የሚደርሰው ግን ያ ስም አይደለም። በመንገድ ላይ ፊደሉ ይለወጣል፣ ድምፁ ወደ ገዢው ቋንቋ ይጠጋል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቃል ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መፈተሽ ያለበት ተለውጦ የሚደርሰው ስም ነው። ከአማርኛ የሚነሣ ስም የት የት ላይ እንደሚለወጥ ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ከከ፣ ከተ፣ ከቸ፣ ከፐ እና ከሰ ጋር ይቀላቀላሉ፤ «ጤና» ተብሎ የተሰየመ ዕቃ በላቲን ሲጻፍ የማያውቀው ሰው «ተና» ብሎ ያነበዋል። በ«ሸ» እና በ«ወ» ውስጥ ያለው የግእዝ ድምፅ በብዙ ቋንቋ ስለሌለ ወይ ወደ «ኤ» ወይ ወደ «ኣ» ይሄዳል። ሳድሱ አንዳንድ ጊዜ «ኢ» ይሆናል፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይጠፋል። ዐረብኛ «ፐ» ስለሌለው «በ» ያደርገዋል። መጥበቅና መላላት ደግሞ በራሳችን ፊደልም አይጻፍም፤ «ገና» ተብሎ የተጻፈውን አንዱ በዓሉን፣ ሌላው «ገና ነው» የሚለውን አድርጎ ያነበዋል። ስም ሲያስቡ በመጀመሪያ እነዚህን ለውጦች አንድ በአንድ አሳልፈውበት የሚወጡትን ቅርጾች ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፏቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ስለነዚያ ቅርጾች ነው።

ይህንኑ በ«ቀልብ» ላይ እናድርገው። በላቲን ሲጻፍ ብዙዎች በኬ ጀምረው በቢ የሚጨርሱት አራት ፊደላት ያሉት ቃል ይሆናል። ዐረብኛ ተናጋሪ ይህን ሲያነብ የሚታየው «ከልብ» የሚለው የራሱ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ውሻ ነው። «ቀልብን ቃፍ በሚባለው የዐረብኛ ፊደል እንጽፈው፣ ያን ጊዜ በዐረብኛ ልብ ማለት ይሆናል» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ እውነቱን ነው፣ የአማርኛው ቀልብና የዐረብኛው ቃል ዝምድና አላቸው። ችግሩ ግን ሱዳን ውስጥ ቃፍ የሚነበበው እንደ «ገ» ሆኖ መሆኑ ነው። ሱዳናዊው ጽሑፉን «ገልብ» ወደሚለው አቅርቦ ያነበዋል፣ ከእርስዎ አፍ የሚሰማው «ቀልብ» ግን ለጆሮው ወደ «ከልብ» ይቀርባል። በጽሑፍ ልብ፣ በንግግር ውሻ የሚሆን ስም በምግብ ጠርሙስ ላይ መለጠፍ አይገባም፤ በተለይ ውሻ ከንጽሕና ጥያቄ ጋር በሚያያዝበትና ቃሉም የተለመደ ስድብ በሆነበት ገበያ። እስራኤልም መውጫ አይሆንም። በዕብራይስጥ ውሻ «ኬሌቭ» ይባላል። በዛሬው ዕብራይስጥ ለእኛ «ከ» እና «ቀ» የሚቆሙት ሁለቱ ፊደላት በድምፅ አይለዩም፣ አናባቢም በተለመደው ጽሑፍ አይጻፍም፣ በቃል መጨረሻ ላይ የሚመጣው «ብ» ደግሞ «ቭ» ተብሎ ይነበባል። በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ከዚያ ቃል ማምለጥ አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ስሙን ለቤተሰብና ለጎረቤት ሲያቀርቡት ሁሉም መውደዱ አያስገርምም። ኦሮምኛ ተናጋሪ ቢጠይቁም «ቀልቢ» ለእሱም ልቡና፣ አስተውሎት ማለት ስለሆነ ይወደዋል፤ ትግርኛ ተናጋሪም ቃሉን ከሞላ ጎደል እንደኛው ያውቀዋል። በሦስት የአገር ቤት ቋንቋዎች የተመሰገነ ስም በሁለት የውጭ ገበያዎች ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ «ብዙ ሰው ጠይቀን ሁሉም ወደደው» የሚለው ማስረጃ የተጠየቁት ሰዎች ዕቃው በሚሸጥበት አገር ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ ካልሆኑ በስተቀር ስለ ውጭው ገበያ ምንም አይነግረንም።

«ቀልብ» አገር ውስጥም ቢሆን አንድ እንከን አለበት፤ ይህን የሚያሳይ ፈተና ደግሞ ለሦስቱም ስሞች ስለሚጠቅም ላስረዳዎት። ስም ለብቻው አይነገርም፣ ሁልጊዜ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የምግብ ዕቃ ስም ደግሞ በአብዛኛው የሚኖረው በሱቅ ደጅ በሚባሉ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው። አራዳ ገበያ ወይም ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ የሚያውቁት ባለ ሱቅ ፊት ይቁሙና ዕቃው የመጣ ይመስል ያነጋግሩት። «ቀልብ አለ?» ሲሉት «ቀልብ የለኝም» ብሎ ይመልሳል፤ ከኋላዎ የቆመው ሰው በዚያች ቅጽበት ይሥቃል። በማግስቱ ሌላ ገዢ «አንተ ደግሞ ቀልብ የለህም» ይለዋል፣ ስሙም መቀለጃ ይሆናል። ነጋዴ በሚሣቅበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደጋግሞ መግባት ስለማይፈልግ ስሙን ትቶ «የሰሊጡ ቅቤ» ማለት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የከፈላችሁበት ስቲከር ሥራውን አቆመ ማለት ነው። «አለ»፣ «የለም»፣ «አልቋል»፣ «ጨምርልኝ»፣ «ተበላሽቷል» የሚሉትን ቃላት ከስሙ ጋር እያጣመሩ ጮክ ብሎ መናገር ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና ነው፤ ሆኖም የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው። በዚያው አጋጣሚ «የ»፣ «በ»፣ «ለ» እና «ከ» ከፊቱ ሲገቡ ስሙ ቅርጹን ይጠብቅ እንደሆነ ያዳምጡ፤ በ«አ» የሚጀምር ስም እነዚህ ሲጨመሩበት መነሻው ይዋጣል።

በዚህ ፈተና «ሸጋ» የሚወድቀው በሌላ በኩል ነው። ገዢው «ሸጋ የሰሊጥ ቅቤ ስጠኝ» ሲል ባለ ሱቁ የሚሰማው «ጥሩውን ስጠኝ» የሚል ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ነው ያለውን የማንንም ጠርሙስ አንሥቶ ይሰጠዋል፤ ስሙ ከማሞገሻ ቃልነት አልወጣምና። የሱዳኑ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይቀጥላል። ሱዳናዊ «ሸጋ» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ በቃፍ ሊጽፈው ይችላል፣ በቃፍ የተጻፈው «ሸጋ» ደግሞ በዐረብኛ ልፋትንና መከራን የሚያመለክት ቃል ነው፤ መጨረሻው ቢያጥርና «ጋ» ቢጠብቅ ደግሞ የመኖሪያ አፓርታማ ይሆናል። በጋይን ፊደል በመጻፍ ይህን ማምለጥ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን በቃል የሚሰማውን ማንም ሊያስተካክለው አይችልም። ስድብ ስላልሆነ እንደ «ቀልብ» አይከፋም፤ የሚሸጠውን ዕቃ ግን አይረዳውም።

«ወዝ» ከምርቱ ጋር ያለው ዝምድና ደስ ይለኛል። የተቆላ ሰሊጥ ተፈጭቶ ሲላም ከላዩ የሚወጣው ዘይት በእርግጥም ወዝ ነው፤ ጎንደሬ ሴት ስለ ወጥም ስለ ገላም የምትለው ቃል ነው። ነገር ግን ያው ቃል የሰው ቆዳ ቅባትና ላብም ማለት ነው፤ «ወዛደር» የተባለውም በወዙ ስለሚያድር ነው። ለቅባት ወይም ለሳሙና ቢሆን እሰየው ባልኩ፤ በዳቦ ላይ ለሚቀባ ምግብ ግን ጥቂት ሰዎችን ቅር ማሰኘቱ አይቀርም። ሌላው ችግር ርዝመቱ ነው። አንድ የተዘጋ ክፍለ ቃል ብቻ ስለሆነና በ«ዝ» ስለሚያልቅ ጫጫታ ባለበት ስልክ «ወስ» ወይም «ወጅ» ተብሎ ይሰማል። የዐረብኛው «ወዝ» ዝዬዎች ማለት መሆኑ ግን አያስጨንቀኝም። ከሌላ ቋንቋ ቃል ጋር መመሳሰል ሁሉ አደጋ አይደለም፤ ኖቫ የተባለችው የሸቭሮሌ መኪና ስሟ በስፓኒሽ «አትሄድም» ማለት ስለሆነ አልተሸጠችም እየተባለ ለዓመታት ሲነገር ቢኖርም፣ በሜክሲኮና በቬኔዝዌላ ደኅና አድርጋ ተሸጣለች። ሊፈራ የሚገባው ስድብ፣ ብልግና፣ በሽታ፣ መርዝና ሃይማኖትን የሚነካ ቃል ነው። በምግብ ስም ላይ ደግሞ «መርዝ» የሚለውን ለብቻው ይፈልጉ፤ ለምሳሌ ለማር የሚያምረው «ሰም» በዐረብኛ መርዝ ነው።

ከዚሁ ሥር ሳንርቅ አንድ አማራጭ ላቅርብ፤ እሱም «ወዘና» ነው። ቃሉ የፊትን ድምቀትና ደም ግባት ስለሚያመለክት ላቡን ትቶ ውበቱን ይዞ ይቀራል። ሦስት ክፍት ክፍለ ቃላት ስላሉት ለአፍ ይቀላል። ከነዚያ ከሚቀላቀሉት አምስት ድምፆች አንዱም የለበትም፤ ቢጠብቅም ቢላላም ሌላ ቃል አይሆንም። ለአጻጻፍም የሚያወላውል ፊደል የለውም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን «ፀሐይ» የሚለውን ስም ሰዎች በሁለቱ «ጸ» እና በሦስቱ «ሀ» እያፈራረቁ ቢያንስ በስድስት መንገድ ሊጽፉት ይችላሉ፤ ደንበኛ በስልኩ ሲፈልገው አንዱን ጽፎ አምስቱን ያጣል። «ወዘና አለ?»፣ «ወዘና አልቋል»፣ «የወዘና ክዳን» ሲባል ምንም አይሰናከልም። በዐረብኛ የሚቀርበው «ወዘነ» የሚለው ግስ ነው፤ መዘነ ማለት ነው፣ ለነጋዴ የሚያሳፍር አይደለም። ለወጣቶች ቃሉ ብዙ ላይታወቅ ይችላል፤ እኔ ግን ይህን እንደ ጉዳት አላየውም፤ ትርጉሙ ያልደበዘዘ ስም ለአንድ ዕቃ ብቻ ተለይቶ ለመያዝ ይቀላል።

ሆኖም «ወዘና» ንም በዕብራይስጥ ፊደል ሳይጽፉ እንዳይወስኑ። ድምፁን ብቻ ለሚያዳምጥ ሰው ችግሩ ላይታይ ይችላል። ዕብራይስጥ የኛን «ወ» በተለመደው ንባብ «ቭ» ያደርገዋል፣ ይህ ፊደል በቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ደግሞ «እና» ማለት ነው። የቀሩት ሦስት ፊደላት ያለ አናባቢ ሲጻፉ በመጽሐፍ ቅዱስ ዕብራይስጥ ዝሙት መፈጸምን የሚያመለክተው ግስ ይሆናሉ፤ ከዛሬው የሴተኛ አዳሪ መጠሪያም የሚለዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ፊደል ሁለት ጊዜ በመጻፍና መጨረሻውን በአሌፍ በመለወጥ ንባቡን ማራቅ ይቻላል፤ እኔ ግን ለእስራኤል የሚላከው ጠርሙስ ላይ ሌላ ስም ቢለጠፍ እመርጣለሁ። ይህ ትልልቅ ኩባንያዎችም የሚያደርጉት ነው፤ እዚህ ሁላችንም ፓጄሮ ብለን የምናውቃት የሚትሱቢሺ መኪና በስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ሞንቴሮ ተብላ ትሸጥ የነበረው የመጀመሪያው ስሟ እዚያ ጸያፍ ስለሆነ ነው። እናንተ ዘንድ ወጪው የአንድ ስቲከር ልዩነት ብቻ ነው።

አሁን ሰው ስለመጠየቅ። በየቋንቋው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያስፈልጓችኋል፤ ሁለቱም ቋንቋውን በትምህርት ያገኙት ሳይሆኑ አፋቸውን የፈቱበት ይሁኑ። ለሱዳን አንዱ ካርቱም ያደገ፣ ሌላው የመተማ ጎረቤት ከሆነው ከገዳሪፍ ወገን ቢሆን መልካም ነው፤ በመተማ በኩል የመጡ ሱዳናውያንን ጎንደር ውስጥ ማግኘት አይከብድም። ለዕብራይስጥ ጠልቀው ሊጠይቁ የሚገባዎት እዚህ አድገው የሄዱትን ዘመዶችዎን ሳይሆን እዚያ የተወለዱትን ልጆቻቸውን ነው፤ ትልልቆቹ «ቀልብ» ሲባሉ አማርኛውን ይሰማሉ፣ ልጆቹ ግን ወዲያው ውሻውን ይሰማሉ። ስሙን በመጀመሪያ በድምፅ መልእክት ይላኩላቸው፣ ጽሑፉን በኋላ ያሳዩአቸው፤ ከተቻለም ሁለቱን ለተለያዩ ሰዎች ያድርጉት። «መጥፎ ትርጉም አለው?» ብሎ መጠየቅ አይበጅም፤ ይሉኝታ የያዘው ሰው «የለውም፣ ቆንጆ ነው» ይልዎታል። «ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ምን መጣብህ? የምን ዕቃ ይመስልሃል? ልጆች ምን ብለው ያጣምሙታል?» ይበሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያወጣል፤ የጎልማሶች ጨዋነት የሸፈነውን የትምህርት ቤት ልጆች ቀልድ ይገልጠዋልና። ከመልሱ በፊት ያለውን ዝምታና ፈገግታም እንደ መልስ ይቁጠሩት።

ለማንበብና ለማስታወስ ደግሞ ዐሥር የማያውቋችሁ ሰዎች ይበቃሉ። ስሙን ያለ ምንም ማብራሪያ በወረቀት ጽፈው ያስነብቡ፤ ከዐሥሩ ከሁለት በላይ በሌላ መንገድ ካነበቡት እኔ ስሙን እተወዋለሁ። ቀጥሎ ለሌሎች በስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረው በጽሑፍ እንዲልኩልዎ ያድርጉ፤ በአማርኛም በላቲንም ይጻፉ፣ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንደመጣ ይዩ። ለማስታወስ ስሙን ከሌሎች አምስት ስድስት የምግብ ስሞች ጋር ቀላቅለው ያንብቡላቸውና በማግስቱ «የትኞቹን ታስታውሳለህ?» ብለው ይጠይቁ፤ ስሙን አስቀድመው አይጥሩ፣ ከጠሩት ማስታወስ ሳይሆን መለየት ይሆናል። አጣምሞ ያስታወሰውም ይጠቅማል፤ ብዙዎች «ወዝና» ካሉ ሕዝቡ ስሙን ወዴት እንደሚወስደው ታውቆ ገና ከጅምሩ ይመከርበታል። ኦሞ የሚለው ስም የማንኛውም የልብስ ማጠቢያ ዱቄት መጠሪያ እስኪሆን ድረስ በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ የገባው በሁለት ክፍት ድምፆች የተሠራ፣ ማንም ሊያጣምመው የማይችል በመሆኑም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ስቲከሩ ከመታተሙ በፊት የቀረው የምዝገባ ጉዳይ ነው። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም መገኛ ብቻ የሚገልጽ ስም ራሱን ችሎ አይመዘገብም፤ «ሸጋ» እዚህም ላይ ሊቸገር ይችላል። አንድ ሰው «የጎንደር ሰሊጥ» በሉት ቢላችሁም እንዳትቀበሉ፤ የጎንደር ሰሊጥ ከሁመራና ከወለጋው ጋር በገበያ የታወቀ የዓይነት መጠሪያ ስለሆነ የእናንተ ብቻ ልታደርጉት አትችሉም። ለተመሳሳይ ዕቃ ቀድሞ ከተመዘገበ ምልክት ጋር የሚያደናግር ስምም ውድቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በኩል «ወዘና» ን እና በድምፅ የሚቀርቡትን አስፈልጉ። ምዝገባው ለሰባት ዓመት የሚጸናና የሚታደስ ነው። ስታመለክቱ የአማርኛውን ጽሑፍ ብቻ አታስገቡ፤ ለሱዳን የምትጠቀሙበትን የዐረብኛ አጻጻፍና የላቲኑን ጭምር አስቀድማችሁ ወስኑና በምልክቱ ውስጥ አካቱት፤ ሦስቱን ፊደላት ሦስት የተለያዩ ማተሚያ ቤቶች በየራሳቸው መንገድ እንዳይጽፏቸው ቁርጥ ያለውን አጻጻፍ በአንድ ገጽ ላይ አድርጋችሁ ለሁሉም ስጡ።